ገደብ ያለው የማጋሪያ ሊንክ

ትልቅ ፋይል በኢሜይል ከማያያዝ ይልቅ ድሮፕቦክስ ወይም ወንድራይቭ ላይ አስቀምጦ ለደንበኛው አድራሻውን ብቻ መላክ ተለምዷል። ይህ አድራሻ «ሼር ሊንክ» ይባላል፤ በአማርኛ የማጋሪያ ሊንክ እንበለው። የይለፍ ቃልና የሚዘጋበት ቀን ሲጨመርለት ደግሞ «ገደብ ያለው የማጋሪያ ሊንክ» የሚለው ስያሜ ይስማማዋል። ስያሜው እንደሚለው ገደቡ ያለው ሊንኩ ላይ ነው፤ ፋይሉ ራሱ አልተቆለፈም።

ተራ የማጋሪያ ሊንክ የከፈተውን ሰው ማንነት አይጠይቅም። አድራሻው የደረሰው ሁሉ ይገባል። የይለፍ ቃል ሲጨመር አድራሻው ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ሲቆረጥለት ደግሞ ከዚያ በኋላ ለማንም አይከፈትም። በድሮፕቦክስና በግል የወንድራይቭ አካውንት እነዚህን ገደቦች ለማግኘት ክፍያ ያስፈልጋል። ጉግል ድራይቭ ለሊንክ የይለፍ ቃል የማበጀት አማራጭ የለውም።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ደንበኛዋ የ40 ሠራተኞችን የደመወዝ ዝርዝር ልትልክ ነው እንበል። ፋይሉን ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ለፎልደሩ ሊንክ የይለፍ ቃል ታበጃለች፣ ደንበኛው እስከ ጥቅምት 10 ድረስ እንዲያየው ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ስሕተት እዚሁ ሊፈጠር ይችላል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የፈረንጆቹ የቀን መቁጠሪያ ስለሆነ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ማለት October 20 ነው። «ጥቅምት ኦክቶበር ነው» ብላ 10ን ከመረጠች ሊንኩ ከታሰበው ዐሥር ቀን ቀድሞ ይዘጋል፤ ደንበኛውም ደውሎ እንደገና ላኪልኝ ይላል። በጥድፊያ የሚላከው ሁለተኛው ሊንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ገደብ ይሄዳል።

ሁለተኛው ስሕተት የይለፍ ቃሉን ሊንኩ በተላከበት ኢሜይል ውስጥ መጻፍ ነው። ደንበኛው ያንን ኢሜይል ለሸሪኩ ሲያስተላልፍ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ የኢሜይል ሳጥኑን የሰበረ ሰውም ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛል። እንዲህ ከሆነ የይለፍ ቃሉ የረባ ጥቅም የለውም። ሊንኩ በኢሜይል ከሄደ ቃሉ በስልክ ይነገር፤ ቢያንስ በሌላ መንገድ ይላክ።

ይህን ሁሉ በትክክል ብታደርግም የማይሸፈን ነገር አለ። ደንበኛው ጥቅምት 3 ቀን ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ አወረደ እንበል። ጥቅምት 10 ሊንኩ ይዘጋል፤ የወረደው ቅጂ ግን እዚያው ነው። ቅጂው ቴሌግራም ላይ ሊላክ፣ ፍላሽ ላይ ሊገለበጥ፣ ለባንክ የብድር ሠራተኛ ሊሰጥ ይችላል። በየትኛውም ቦታ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ማውረድ የሚከለክለውን ምርጫ ብታበራ እንኳ በስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በእኔ እምነት ብዙ ባለሙያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለደንበኛ «ፋይሉ በ10 ይጠፋል» ብሎ ቃል መስጠት ትክክል አይደለም። የላኪው ክምችት ውስጥ ያለው ፋይልም ቢሆን ሊንኩ ስለተዘጋ አይሰረዝም።

ሌላው ክፍተት አንድ ፋይል ከአንድ በላይ ሊንክ ሊኖረው መቻሉ ነው። ባለሙያዋ ባለፈው ወር ለዚያው ፋይል ብቻውን ያለ ገደብ ሊንክ አውጥታ ከነበረ፣ ዛሬ ለፎልደሩ ሊንክ ያበጀችው የይለፍ ቃል የቀድሞውን አይነካውም፤ እስክታጠፋው ድረስ እንደተከፈተ ይቆያል። ስለዚህ ከመላኳ በፊት የፋይሉን የማጋሪያ ዝርዝር ከፍታ የቆዩትን ሊንኮች አንድ በአንድ መሰረዝ አለባት። ቀኑ ሲያልፍም ሊንኩን ወደ አካውንቷ በገባችበት ብራውዘር መፈተን አያስተማምንም፤ የፋይሉ ባለቤት ስለሆነች ሊከፈትላት ይችላል። በግል መስኮት፣ ወደ አካውንት ሳትገባ ትሞክረው። መዘጋቱን የሚገልጽ ገጽ ከመጣ ተዘግቷል።

ለደመወዝ ዝርዝር ዓይነት ሰነድ የተሻለው መንገድ ቁልፉን ፋይሉ ላይ ማድረግ ነው። ኤክሴልም ሆነ ፒዲኤፍ ሲከፈት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቅጂው የትም ቢሄድ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ቃሉን የተነገረው ደንበኛ ለሌላ ከነገረው ግን ይኸም አያድንም። ሁለተኛው አማራጭ ሊንኩን ለተወሰነ የኢሜይል አድራሻ ብቻ መስጠት ነው፤ ወንድራይቭ ላይ Specific people የሚለው ምርጫ ይህን ያደርጋል። ተቀባዩ በዚያ ኢሜይል መሆኑን ማረጋገጥ ስላለበት ሊንኩን ለሌላ ቢያስተላልፈው ሌላው አይገባም።

የደንበኛ ሰነድ የምትልኩ ሁሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ይህ ቅጂ ለዘለዓለም ደንበኛው ዘንድ ቢቀር ችግር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ችግር ካለው የይለፍ ቃልና ቀን አይበቁትም፤ የሠራተኞቹን የባንክ ሒሳብ ቁጥር የመሰለውን ዓምድ አውጥታችሁ ላኩ።