በሂንዲ ግሱ ባለቤቱን ትቶ ተሳቢውን የሚከተለው መቼ ነው?

በሂንዲ ፊልም ውስጥ አንድ ወንድ “ሜኔ ሮቲ ካዪ” ሲል ይሰማል፤ “ዳቦ በላሁ” ማለቱ ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ ሰው ግን እዚህ ላይ ግር ይለዋል። “ካዪ” የአንስታይ ጾታ መጨረሻ ያለው ግስ ነው። ተናጋሪው ወንድ ሆኖ ሳለ ግሱ እንዴት አንስታይ ሆነ?

መልሱ ግሱ የተስማማው ከተናጋሪው ጋር ሳይሆን ከዳቦው ጋር መሆኑ ነው። በሂንዲ “ሮቲ” አንስታይ ስም ነው። የቋንቋ ጥናት ባለሙያዎች ይህን ሥርዓት “ኤርጋቲቭ” ይሉታል። ሂንዲ ግን ሁልጊዜ አይጠቀምበትም፤ የሚጠቀምበት በአንድ ዓይነት የግስ ቅርጽ ብቻ ነው። በሰዋስው ረገድ ከሂንዲ ጋር አንድ የሆነው ኡርዱም እንዲሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሂንዲ ቃላት በግዕዝ ፊደል ቀርበዋል። በአፍንጫ የሚወጡትና ትንፋሽ የሚከተላቸው ድምፆች በቀላሉ ተጽፈዋል።

በተለመደው ጊዜ

የአማርኛ ተናጋሪ “ልጁ ዳቦ በላ፣ ልጅቷ ዳቦ በላች” ሲል ግሱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ዳቦው አንስታይ ይሁን ተባዕታይ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ “በላ” እና “በላች” አይለወጡም።

ሂንዲም ባልተጠናቀቀ ወይም በሚደጋገም ድርጊት ላይ እንዲሁ ያደርጋል። “ለርካ ሮቲ ካታ ሄ” ማለት “ልጁ ዳቦ ይበላል” ማለት ነው፤ “ለርኪ ሮቲ ካቲ ሄ” ደግሞ “ልጅቷ ዳቦ ትበላለች” ማለት ነው። “ካታ” ተባዕታይ፣ “ካቲ” አንስታይ ነው፤ ሁለቱም ባለቤታቸውን ይከተላሉ። “ይበላ ነበር” ለማለትም “ለርካ ሮቲ ካታ ታ” ይባላል። ጊዜው ያለፈ ቢሆንም ግሱ አሁንም ባለቤቱን እንደተከተለ ነው።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ልብ ሊባል ይገባል። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ነገሩን “የኃላፊ ጊዜ ሕግ” ብለው ያሳጥሩታል። ለውጡን የሚያመጣው ግን የጊዜው ማለፍ ሳይሆን የድርጊቱ መጠናቀቅ ነው።

ድርጊቱ ሲጠናቀቅ

“ልጁ ዳቦ በላ” ለማለት “ለርኬ ኔ ሮቲ ካዪ” ይባላል። ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛ፣ ከባለቤቱ በኋላ “ኔ” የሚል ምልክት ገብቷል፤ በእርሱም ምክንያት “ለርካ” ወደ “ለርኬ” ተቀይሯል። ሁለተኛ፣ ግሱ ከ“ሮቲ” ጋር ተስማምቶ አንስታይ ሆኗል።

ተሳቢውን ብንቀይር ግሱም አብሮ ይቀየራል። ማንጎ በሂንዲ “አም” ይባላል፤ ተባዕታይ ነው። ስለዚህ ማንጎውን የበላችው ልጅ ብትሆንም “ለርኪ ኔ አም ካያ” ይባላል። ቁጥርም ይከተላል፦ “ለርኬ ኔ ኪታብ ፐሪ” ማለት “ልጁ መጽሐፍ አነበበ” ማለት ሲሆን፣ መጻሕፍቱ ብዙ ከሆኑ “ለርኬ ኔ ኪታቤን ፐሪን” ይሆናል። አንባቢው አሁንም አንድ ልጅ ነው፤ የበዙት መጻሕፍቱ ናቸው።

ስለዚህ የተሳቢውን ጾታ ማወቅ ግድ ይሆናል፤ ጾታው ደግሞ ከትርጉሙ አይገመትም። “ኪታብ” ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በዐረብኛ ተባዕታይ ሲሆን በሂንዲ አንስታይ ሆኗል። በ“ኢ” የሚያልቁ ብዙ ስሞች አንስታይ ናቸው፤ ውኃ ማለት የሆነው “ፓኒ” ግን ተባዕታይ ነው። በዚህ ምክንያት “ሻይ ጠጣሁ” ለማለት “ሜኔ ቻይ ፒ” የሚል ሰው፣ “ውኃ ጠጣሁ” ሲል “ሜኔ ፓኒ ፒያ” ይላል።

ግሱ የሚከተለውም ሲያጣ

ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ሂንዲ ተሳቢው ሰው ሲሆን፣ ወይም ተለይቶ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ “ኮ” የሚል ምልክት ይጨምርበታል። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ያውቃል፦ “መጽሐፍ አነበብኩ” እንላለን፣ መጽሐፉ ተለይቶ ሲታወቅ ግን “መጽሐፉን አነበብኩት” እንላለን። “ን” የሚገባው ተሳቢው ሲታወቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በአማርኛ “ን” ሲገባ ግሱ ተሳቢውን የሚያመለክት ቅጥያ ሊጨምር ይችላል፤ “አነበብኩት” ላይ ያለው “ት” እርሱ ነው። በሂንዲ ግን “ኮ” ሲገባ ግሱ ከተሳቢው ጋር መስማማቱን ያቆማል።

ታዲያ ከማን ጋር ይስማማል? ከማንም ጋር። “ልጅቷ እናትዋን አየች” የሚለው ዓረፍተ ነገር “ለርኪ ኔ ማ ኮ ዴካ” ይሆናል። ያየችውም የታየችውም ሴቶች ናቸው፤ “ዴካ” ግን ተባዕታይ ነጠላ ነው። ይህ ቅርጽ የወንድ መኖርን አያመለክትም፤ ግሱ የሚከተለው ሲያጣ የሚያርፍበት መደበኛ ቅርጽ ነው።

እስካሁን ያየነው ሁሉ በአንድ ሕግ ይጠቃለላል፦ ግሱ የሚስማማው ምልክት ካልተደረገበት ስም ጋር ነው። ባለቤቱ ያለ ምልክት ከቆመ እርሱን ይከተላል። ባለቤቱ “ኔ”ን ከያዘ ወደ ተሳቢው ይዞራል። ተሳቢውም “ኮ”ን ከያዘ ተባዕታይ ነጠላ ሆኖ ይቀራል።

“ኔ” የሚገባባቸውና የማይገባባቸው ግሶች

“ኔ” በመሠረቱ ከተሻጋሪ ግሶች ጋር የሚሄድ ነው። “ሄደች” ማለት የሆነው “ለርኪ ገዪ” ተሳቢ ስለሌለው “ኔ” አያስፈልገውም፤ ግሱም ባለቤቷን ይከተላል።

ይሁንና ድንበሩ የተስተካከለ አይደለም። “ላና” ማለት “ማምጣት” ነው፤ ተሳቢ አለው፣ “ኔ” ግን አይወስድም። “ልጁ ዳቦ አመጣ” ለማለት “ለርካ ሮቲ ላያ” ይባላል። ምክንያቱ ከቃሉ አመጣጥ ጋር ይያያዛል፦ “ላና” “ይዞ መምጣት” ከሚል ጥምር የተገኘ ሲሆን፣ “መምጣት” የማይሻገር ግስ ነው። “መርሳት” የሚለው “ቡልና”ም እንዲሁ ያለ “ኔ” ይነገራል። በተቃራኒው ማስነጠስ ተሳቢ የለውም፤ ሆኖም “ለርኪ ኔ ቺንካ”፣ “ልጅቷ አስነጠሰች”፣ ይባላል። ባለቤቷ “ኔ”ን ይዛለች፣ ተሳቢ የለም፤ ስለዚህ ግሱ በተባዕታይ ነጠላ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ጥንድ ግን ይህ ነው። ሂንዲ አንዱን ግስ በሌላ ረዳት ግስ ማጠንከር ይወዳል። “ዳቦውን በልቶ ጨረሰ” የሚለውን ሐሳብ “መውሰድ” በሚል ረዳት “ለርኬ ኔ ሮቲ ካ ሊ” ማለት ይቻላል፤ “መሄድ” በሚል ረዳት ደግሞ “ለርካ ሮቲ ካ ገያ” ይባላል። ልጁም፣ ዳቦውም፣ መብላቱም አንድ ናቸው። ሆኖም “መውሰድ” ተሻጋሪ ስለሆነ “ኔ”ን ጠርቷል፣ ግሱንም ወደ ዳቦው አዙሯል። “መሄድ” የማይሻገር ስለሆነ ግሱ ከልጁ ጋር ቀርቷል። ወሳኙ የመጨረሻው ግስ ነው።

ሥርዓቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ በሳንስክሪት ውስጥ ይገኛል። ሳንስክሪት የተጠናቀቀን ድርጊት ለመግለጽ ከግስ የወጣ ቅጽል ይጠቀም ነበር፤ “የተነበበ”፣ “የተሠራ” እንደምንለው ያለ። “ራሜነ ፑስተከም ፐቲተም” ቃል በቃል “በራማ መጽሐፍ የተነበበ” ማለት ነው። አድራጊው “በ” የሚል ትርጉም ባለው ሙያ ቆሟል፤ ቅጽሉም እንደ ማንኛውም ቅጽል ከሚገልጸው ስም፣ ማለትም ከመጽሐፉ፣ ጋር ተስማምቷል።

በዘመናት ውስጥ የድሮው የግስ ኃላፊ ቅርጾች ጠፉ፤ ይህ ቅጽል ቦታቸውን ወረሰ። የዛሬው “ፐሪ” የዚያ ቅጽል ወራሽ ነው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ጾታና ቁጥር እንጂ መደብ አያሳይም። ያልተጠናቀቀውን ድርጊት የሚገልጸው “ካታ” ግን የመጣው አድራጊውን ከሚገልጽ ሌላ ቅጽል ነው፤ እንደ “በይ” ያለ ማለት ነው። ሥርዓቱ ለሁለት የተከፈለው በዚህ ምክንያት ነው።

“ኔ” ራሱ የሳንስክሪቱ ቅጥያ ቀጥተኛ ቅሪት ይመስላል። ይሁንና አሮጌዎቹ ቅጥያዎች በድምፅ ለውጥ ተሸርሽረው ስለነበር ብዙ ተመራማሪዎች በኋላ የገባ አዲስ ምልክት አድርገው ያዩታል። ከየትኛው ቃል እንደመጣ ግን አልተስማሙም።

ከዚህ ተነሥቶ “የሂንዲ ኃላፊ ግስ አሁንም ተደራጊ ነው” ማለት ስሕተት ነው። ሂንዲ ለተደራጊ ሌላ ቅርጽ አለው፦ “መጽሐፍ ተነበበ” ለማለት “ኪታብ ፐሪ ገዪ” ይባላል። “ለርኬ ኔ ኪታብ ፐሪ” ለዛሬ ተናጋሪ ፍጹም አድራጊ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቀረው የጥንቱ ስምምነት ብቻ ነው።

ከቦታ ቦታ

ሥርዓቱ በሁሉም ተናጋሪ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በቢሃርና በኡታር ፕራዴሽ ምሥራቃዊ ክፍል እንደ ቦጅፑሪ ያሉ ቋንቋዎች “ኔ” የላቸውም። ስለዚህ የዚያ አካባቢ ሰዎች ሂንዲ ሲናገሩ “ኔ”ን ብዙ ጊዜ ይተዉታል፣ ግሱንም ከባለቤቱ ጋር ያስማማሉ። በዴልሂና በፑንጃብ በኩል ደግሞ “ኔ” ከተለመደው ወሰን ያልፋል፤ “መሄድ አለብኝ” ለማለት “ሜኔ ጃና ሄ” ይባላል። መደበኛው ሂንዲ እዚህ ላይ የሚጠቀመው “ሙጄ” የሚለውን ነው።

ጎረቤት ቋንቋዎችም የራሳቸውን መንገድ መርጠዋል። በኔፓሊ ባለቤቱ ምልክት ቢይዝም ግሱ እርሱን ይከተላል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የሚኖሩ ብዙ የሕንድ ተወላጆች በሚናገሩት ጉጃራቲ ደግሞ ተሳቢው ምልክት ቢይዝ እንኳ ግሱ ከእርሱ ጋር መስማማቱን ይቀጥላል።

ለተርጓሚ የሚያስከትለው

ሂንዲ በመጀመሪያ መደብም ጾታን ይለያል፦ ወንድ “ሜ ገያ”፣ ሴት “ሜ ገዪ” ትላለች፤ በአማርኛ ሁለቱም “ሄድኩ” ናቸው። “ኔ” ሲገባ ግን ይህ ልዩነት ይጠፋል። “ሜኔ ሮቲ ካዪ”ን ወንድም ሴትም ያለ ለውጥ ይሉታል።

ስለዚህ ድምፅ ሳይሰማ ጽሑፍ ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው፣ ግሱ አንስታይ ስለሆነ ብቻ ተናጋሪዋን ሴት ቢያደርግ ይሳሳታል። ከዚያ ቀጥሎ መልስ የሚሰጠው ገጸ ባሕርይ በአማርኛ “አንቺ” ይላል፤ ስሕተቱም ይቀጥላል። መጀመሪያ መፈለግ ያለበት “ኔ” ነው። እርሱ ካለ የግሱ ጾታ ስለ ተናጋሪው የሚናገረው ነገር የለም፤ ጾታውን ለማወቅ “ኔ” የሌለበትን ሌላ ዓረፍተ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል።