ከኮብ ሥዕል እስከ ስልክ ካሜራ፦ የስንዴ ዋግ በቅጠል ፎቶ ሲመዘን

በ1889 የአውስትራሊያ ስንዴ በዋግ ክፉኛ ተመታ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ የየቅኝ ግዛቱ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዋግ ይመክሩ ጀመር፤ የትኛው ዘር እንደሚቋቋም ለመለየትም በየቦታው ስንዴ እየዘሩ አስተያየት ይለዋወጡ ነበር። ነገር ግን አንዱ “ብዙ ዋግ አለበት” ያለውን ሌላው “መጠነኛ ነው” ሊል ይችላል። ሁለቱ ያዩት አንድ ማሳ ስላልሆነ፣ ማን እንደተሳሳተ የሚዳኝ አልነበረም።

በኒው ሳውዝ ዌልስ የግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ የነበረው አሜሪካዊ ናታን ኮብ ለዚህ መላ ያገኘው በ1892 ነው። ዋግ ያለባቸውን አምስት የስንዴ ቅጠሎች ሥሎ እንደ ጥቃታቸው መጠን 1፣ 5፣ 10፣ 20 እና 50 በመቶ ብሎ ሰየማቸው። ከዚያ ወዲህ ማሳ የወረደ ሰው በእጁ የያዘውን ቅጠል ከሥዕሎቹ ጋር አስተያይቶ ቁጥር መስጠት ቻለ። ዛሬ ከተለያዩ ተክሎች የተነሡ የቅጠል ፎቶዎችን ደርድረን “የትኛው ብሷል?” ስንል የምንሠራው ያንኑ የኮብን ሥራ ነው። የሚጎድለን ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ነው። ፎቶን ከፎቶ ጋር ብቻ ስናስተያይ፣ ሁሉም የሚለካበት አንድ የማይለወጥ መስፈርት አይኖረንም።

የኮብ መለኪያ በኋላ ተሻሽሏል። በ1948 ፒተርሰን፣ ካምቤልና ሃና የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ያሳተሙት ሥዕል እስከ ዛሬ በስንዴ ምርምር የሚሠራበት ነው፤ በእኛም አገር በቁሉምሳና በደብረ ዘይት የሙከራ ማሳዎች የዋግ ቁጥር የሚመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ መለኪያ ውስጥ ለፎቶ አወዳዳሪ ወጥመድ የሚሆን ነገር አለ። 100 በመቶ የሚባለው ቅጠል በእውነት በዋግ የተሸፈነው 37 በመቶው ብቻ ነው። ዋግ እጅግ በበዛበት ቅጠል ላይም በብጉሮቹ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚቀር፣ ይህ ሽፋን እንደ ጣሪያ ተወስዶ 100 ተባለ። ስለዚህ በመለኪያው 50 የተባለ ቅጠል በእውነተኛ ስፋት 18.5 በመቶ፣ 20 የተባለውም 7.4 በመቶ ነው።

ይህን ያላወቀ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት በሦስት ፎቶዎች እንየው። አንድ ባለሙያ ሀ ከተባለ ዘር ላይ የተነሣውን ቅጠል በኮምፒውተር አስለክቶ “ዋጉ 14.8 በመቶውን ሸፍኗል” ብሎ ጻፈ እንበል። ሌላው ለ የተባለውን ማሳ ውስጥ ቆሞ በሥዕሉ ገምቶ 20፣ ሐን ደግሞ 10 ሰጠ። ቁጥሮቹ እንዳሉ ቢደረደሩ ለ አንደኛ፣ ሀ ሁለተኛ፣ ሐ ሦስተኛ ይሆናሉ። ግን የሀ 14.8 ወደ ማሳው መለኪያ ሲመለስ 40 ነው፤ ከለ በእጥፍ የበለጠ ዋግ የተሸከመው እሱ ነው። የፎቶ ልኬትና የማሳ ግምት በአንድ ሰንጠረዥ ከመግባታቸው በፊት ወደ አንድ መለኪያ መመለስ አለባቸው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላም ደረጃው ገና አልጸናም። ወደ ሀ ቅጠል ቀረብ ብለን ስናይ ብጉሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዙሪያቸውም ደርቋል። ተክሉ እየታገለ ነው ማለት ነው። በለና በሐ ላይ ግን ብጉሮቹ ትልልቅና ዱቄታቸውን የሚበትኑ ናቸው፤ ዙሪያቸውም አረንጓዴ ነው። የስንዴ አዳቃዮች ይህን ልዩነት በማባዣ ይይዙታል፤ በመጠኑ ለሚቋቋም 0.4፣ ፈጽሞ ለሚጠቃ 1። ሀ 40 በ0.4 ተባዝቶ 16 ይሆናል፤ ለ 20፣ ሐ 10 እንዳሉ ይቀራሉ። ለ እንደገና አንደኛ ሆነ፤ አሁን ግን በስሕተት ሳይሆን በምክንያት ነው። ጥያቄው “ዛሬ የበለጠ ዋግ ያለው የቱ ነው?” ከሆነ መልሱ ሀ ነው፤ “ለዋጉ ይበልጥ የተጋለጠው ዘር የቱ ነው?” ከሆነ ለ ነው። ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ብጉሩ ጎልቶ የሚታይበት የቅርብ ፎቶ ያስፈልጋል።

ዐይን ራሱ የሚታለልበት መንገድም ተጠንቷል። በ1945 ሆርስፎልና ባራት የተባሉ አሜሪካውያን፣ ዐይን ከግማሽ በታች የታመመውን፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ ጤነኛውን ክፍል ነው የሚያየው ብለው ባለ 12 ደረጃ መለኪያ አወጡ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተሠርቶበታል። የእሱ ትልቁ ድክመት መካከሉ ላይ ነው፤ ከ25 እስከ 50 በመቶ ያለው ሁሉ አንድ ደረጃ ስለሆነ 27 እና 48 በመቶ የተጠቁ ቅጠሎች እኩል ይሆናሉ። የሠለጠነ ዐይን ግን ይህን ልዩነት አያጣውም። ስለዚህ ፎቶ ለሚያስተያይ ሰው በመቶኛ መገመት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው መታለል የነጠብጣብ ብዛት ነው። ስፋቱ 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅጠል ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ 20 ነጠብጣቦች ቢኖሩ ከቅጠሉ 10 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። በሌላ እኩል ቅጠል ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ 80 ነጠብጣቦች ቢኖሩ የሚይዙት ስፋት ያው ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ባለ 80ው የባሰ ይመስላል። በ1983 በአሜሪካ በሣር ቅጠል ላይ የተደረገ ጥናት ሰዎች ጥቃትን እንደሚያጋንኑ፣ ነጠብጣቡ ሲያንስና ሲበዛም ማጋነኑ እንደሚብስ አሳይቷል። ሁለት ፎቶዎች ሲቀራረቡ ጥርጣሬው መነሣት ያለበት ትንንሽ ነጠብጣብ በበዛበት ላይ ነው።

ስልክ ከመጣ ወዲህ ልኬቱ ቀሏል። በ2015 የወጣው ሊፍ ዶክተር የተባለው መተግበሪያ ጤነኛውን ቀለም በጣት ነክተው ሲያሳዩት ቀሪውን እንደታመመ ቆጥሮ መቶኛውን ያሰላል። ሆኖም በእርጅና ቢጫ የሆነውን ጫፍ፣ ጥላንና የፀሐይ ነጸብራቅን ከበሽታ ጋር ሊደምራቸው ይችላል። ቅጠሉ በነጭ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ በጥላ ውስጥ በቀጥታ ከላይ ሲነሣ ይህ ስሕተት ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን የሚፈጸመው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው። ሰው ማሳ ገብቶ ዐይኑ ያረፈበትን፣ የባሰውን ቅጠል ይቆርጣል። ከአንዱ ማሳ የታችኛው ያረጀ ቅጠል፣ ከሌላው የላይኛው ለጋ ቅጠል ከመጣ፣ የተወዳደረው የቅጠል ዕድሜ ነው። ዐሥር ቅጠል ሳይመረጥ ተቆርጦ ሁለቱ 30 በመቶ ቢጠቁ፣ ስምንቱ ንጹሕ ቢሆኑ፣ የማሳው አማካይ 6 ነው፤ የላክነው ፎቶ ግን 30 ይላል።

በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዘር፣ በ2013 የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዘር የመታበት አገር ነው ያለነው። ስለዚህ የስንዴ ቅጠል ፎቶ ለባለሙያ የምትልኩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፣ ከእያንዳንዱ ማሳ ከዛላው በታች ያለውን የመጀመሪያ ቅጠል፣ በአንድ ቀን፣ ሳትመርጡ ዐሥር ቁረጡና ንጹሖቹንም ጨምራችሁ አንሡ። ደረጃ የምታወጡ ደግሞ የማሳውን ስም ሸፍናችሁ፣ ከመለኪያው ሥዕል ጋር አስተያይታችሁ ቁጥር ስጡ፤ በማግስቱም ድገሙት። በሁለቱ ቀናት ቦታ የተለዋወጡ ፎቶዎችን እኩል ብላችሁ መዝግቡ።