ሁለተኛ ራውተር በቤት ኔትወርክ

ሁለተኛ ራውተር፣ የመጀመሪያው ዋይፋይ የማይደርስበትን የቤት ክፍል ለመሸፈን በኬብል ተያይዞ የሚጨመር መሣሪያ ነው። በአግባቡ ከተዋቀረ ዋይፋይ ከማሰራጨት በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። እንደተገዛ ከተሰካ ግን ከመጀመሪያው የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ይህ ሁኔታ ድርብ ናት ይባላል።

የቤት ራውተር ዋይፋይ ከማሰራጨቱ ሌላ ሁለት ሥራዎች አሉት። አንደኛው ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች የአይፒ አድራሻ ማደል ሲሆን ዲኤችሲፒ ይሉታል። ሁለተኛው የውስጥ አድራሻዎችን ወደ ኢንተርኔት ሲወጡ በራሱ አድራሻ መተካት ነው፤ ይህም ናት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እነዚህን ሁለቱን የሚሠራ አንድ ራውተር ብቻ መሆን አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ግቢ እንውሰድ። የፋይበሩ ራውተር ሳሎን ውስጥ ነው፤ አድራሻው 192.168.1.1። ሰርቪስ ቤቱ ከኋላ በኩል 20 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ምልክቱም በብሎኬት ግድግዳዎች መሐል ይደክማል። ባለቤቱ ሌላ ራውተር ገዝቶ፣ ከሳሎኑ የሳበውን ኬብል ዋን በሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። አዲሱ ራውተር ከሳሎኑ 192.168.1.7ን ተቀብሎ፣ ሰርቪስ ቤት ላሉት ደግሞ በ192.168.0 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ያድላል። ቪዲዮ ይከፈታል፣ መልእክት ይደርሳል፤ ስለዚህ ችግር ያለ አይመስልም። ነገር ግን በሰርቪስ ቤቱ ያለ ስልክ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ሲፈልግ አያገኘውም፤ ፍለጋው ሁለተኛው ራውተር ላይ ይቆማልና። ሳሎን ካለ ኮምፒውተርም የሰርቪስ ቤቱን ካሜራ መክፈት አይቻልም። ኢንተርኔት ከማየት ያለፈ ፍላጎት ለሌለው ቤተሰብ ይህን እንዳለ መተው ነውር የለውም።

ማስተካከል ለሚፈልግ ሥራው የሚጀመረው ሁለቱን ራውተሮች ከማገናኘት በፊት ነው። ላፕቶፕ በኬብል ከአዲሱ ራውተር ላን ቀዳዳ ጋር ይያያዛል፤ ወደ ቅንብር ገጹ ይገባል። መጀመሪያ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል እንደ ሳሎኑ ይደረጋል፤ ቻናሉ ግን የተለየ ይሁን፣ ሳሎኑ 1 ከሆነ አዲሱ 6 ወይም 11። ቀጥሎ የራውተሩ የላን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ይቀየራል። ገጹ ስለሚቋረጥ በአዲሱ አድራሻ እንደገና ይገባና `DHCP Server` የሚለው ይጠፋል። በመጨረሻ የሳሎኑ ኬብል ከላን ወደ ላን ይሰካል፤ የዋን ቀዳዳው ባዶ ይቀራል። የሳሎኑ ራውተር የሚያድላቸው አድራሻዎች ከ2 የሚጀምሩ ከሆነ ከ10 እንዲጀምሩ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ 192.168.1.2ን ለአንድ ስልክ ሊሰጠው ይችላል። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች `Access Point` የሚል ምርጫ ስላላቸው ይህን ሁሉ በራሳቸው ይጨርሱታል፤ እነዚህ ላይ ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ መመሪያው ይናገራል።

ከሁሉ የሚያደናግረው ስህተት ኬብሉን ከላን ወደ ላን ሰክቶ ዲኤችሲፒውን ሳያጠፉ መተው ነው። ያኔ ሁለት አዳዮች በአንድ ኔትወርክ ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ ስልኩ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ከሳሎኑ የተቀበለ በደንብ ይሠራል፤ ከሁለተኛው የተቀበለ ግን ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት አያገኝም፤ መውጫው 192.168.1.2 ነው ተብሎ ተነግሮታልና፣ እዚያ ደግሞ በዋን በኩል መውጫ የለም። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ይስተካከላል። ሰዉ መስመሩን የሚያማርረው በዚህ ጊዜ ነው።

ውጤቱን ለማረጋገጥ በሰርቪስ ቤቱ ዋይፋይ ላይ ባለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚከተለው ይጻፋል፦

```
ipconfig
tracert -d 8.8.8.8
```

በመጀመሪያው ትእዛዝ `Default Gateway` 192.168.1.1 መሆን አለበት። በሁለተኛው የመጀመሪያው ረድፍ 192.168.0.1፣ ቀጣዩ 192.168.1.1 ከሆነ ድርብ ናቱ አልጠፋም። ከ192.168.1.1 ቀጥሎ ያለው ረድፍ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ ግን፣ ብዙውን ጊዜ አድራሻውን ዳግም የሚተካው አገልግሎት ሰጪው ራሱ ነው፤ በቤት ውስጥ ቅንብር አይነካም።

ኬብል መሳብ በማይቻልበት ቤት የዋይፋይ ማራዘሚያ ይተካዋል። ማራዘሚያው ብዙውን ጊዜ አድራሻ ስለማያድል ድርብ ናት አያመጣም፤ ጉዳቱ ግን ፍጥነት ላይ ነው። በአንዱ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምልክቱ በሞተበት ክፍል ውስጥ መሰካትም ደካማውን ምልክት ከመድገም በቀር አይረዳም፤ ቦታው ሳሎኑና ሰርቪስ ቤቱ መካከል፣ ስልክ ላይ ምልክቱ ገና ጠንካራ ሆኖ በሚታይበት ነው።