ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ ነውን? የዜማ ስልቶቻችን በሊቃውንት አገላለጽ

አንባቢ ሆይ፣ እሑድ ማለዳ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ጎዳና ቢያልፉ ሁለት ዓይነት ዜማ ይሰማሉ። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ የቅዳሴው ዜማ ይወጣል፤ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደግሞ ከወንጌላውያን አዳራሽ ኪቦርድና መዘምራን ይሰማሉ። ስለ እነዚህ ሁለት ዜማዎች በየመዘምራን ቡድኑ የሚነገር አጭር ትምህርት አለ፦ «የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስት ነው፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፤ የዓለሙ ደግሞ አራት ቅኝት ነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፤ ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው» ይባላል። አባባሉ ለማስታወስ ይመቻል፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ይህ ጽሑፍ ሊቃውንቱ እነዚህን ስልቶች እንዴት እንደ ገለጹ በአጭሩ ከተከተለ በኋላ፣ ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

ከቃሉ እንጀምር። «ቅኝት» የሚለው ስም «ቃኘ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ክራር ይቃኛል፣ በገና ይቃኛል። እንግዲህ ቅኝት በመጀመሪያ የእጅ ሥራ ስም ነው፤ የጅማቶቹ ውጥረት በጆሮ እየተመዘነ ለሚዘፈነው ዜማ የሚዘጋጅበት ማለት ነው። የአራቱ ቅኝቶች ስሞችም ከመማሪያ መጽሐፍ አልመጡም። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ ትዝታና አንቺ ሆዬ ደግሞ የዜማ መጠሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ቀድሞ የነበረው ዜማው ነው፤ «ስኬል» ተብሎ በኖታ መሰላል ላይ የተደረደረው በኋላ ነው።

ይህን መደርደር በአገራችን ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ አሸናፊ ከበደ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የዶክትሬት ጥናታቸውን አቅርበዋል። ከእርሳቸው በኋላ ዕዝራ አባተ የቅኝቶቹን አወቃቀር በዝርዝር አጥንተዋል። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጠው አገላለጽ በምዕራባውያን ኖታ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። ከዶ ሲጀመር ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ትዝታም ባቲም ማይነር የሚባል ሁለተኛ መልክ አላቸው። አምባሰል ከማረፊያው በላይ ወዲያው ግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ አንቺ ሆዬም እንዲሁ ጀምሮ ከዚያ በኋላ መንገዱን ይለያል። ከነዚህ ሁሉ አንቺ ሆዬ ብቻውን በኪቦርዱ ነጭ ቁልፎች ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ ከየትም ቢጀመር ቢያንስ አንድ ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ምሳሌው እንምጣ፤ ቢቻልዎ ኪቦርድ አጠገብዎ ይሁን። ከላ ጀምረው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይምቱ፤ ይህ ትዝታ ማይነር ነው። ቀጥለው ከሚ ጀምረው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይምቱ፤ ይህ አምባሰል ነው። ቁልፎቹን ቢቆጥሯቸው ያው አምስቱ ናቸው። በትዝታ ሜጀርና በባቲ ማይነር መካከልም ይኸው ይሆናል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከዶ ሲጀመር ትዝታ ሜጀር ነው፤ ከላ ሲጀመር ባቲ ማይነር ይሆናል። የድምፆቹ ዝርዝር አንድ ሆኖ ሳለ ማንም የአገሩ ጆሮ ትዝታን ከአምባሰል አያሳስትም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ወደዚያ ማረፊያ የሚገባበት መንገድና እየተመላለሰ የሚጫነው ድምፅ ላይ ነው። በምሳሌያችን የትዝታው ማረፊያ ላ ነው፤ ከላ በላይ ያለው ሲ በሙሉ ድምፅ ይርቃል። የአምባሰሉ ማረፊያ ሚ ነው፤ በላዩ ያለው ፋ በግማሽ ድምፅ ተጠግቶ ይጫነዋል። ሰሚው አምባሰልን የሚያውቀው በዚህ ከላይ ተጭኖ በሚወርድ አጨራረስ ነው። ስለዚህ «አምባሰል ምን ምን ድምፅ አለው?» ብሎ መጠየቅ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መጠየቅ ነው፤ ሌላው ግማሽ «የት ያርፋል? እንዴት ያርፋል?» የሚለው ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ጥናትም በሌላ መንገድ መጥቶ ከዚሁ ነጥብ ላይ ይደርሳል። በትውፊት ሦስቱ ስልቶች በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለቅዱስ ያሬድ የተሰጡ ናቸው፤ ግዕዝ ለአብ፣ ዕዝል ለወልድ፣ አራራይ ለመንፈስ ቅዱስ ተደርገው ይተረጐማሉ። የዜማ ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል። ከውጭ ሰዎች መካከል ቀድሞ ስለ ሦስቱ ስልቶች በኖታ ለመጻፍ የሞከረው ፈረንሳዊው ቪዮቶ ነው፤ ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብጽ ገብቶ ሳለ በካይሮ ከኢትዮጵያውያን ካህናት ሰምቶ ጻፈ። እርሱ ግን ሦስቱን የያዘው የአውሮፓን የሙዚቃ ስኬል መለኪያ አድርጎ ነበር።

ከእርሱ በኋላ በጥልቀት የሄዱት ኬይ ካፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ናቸው። ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የቅዳሴና የማሕሌት ዜማ ስብስብ፣ የተቀረጸውን ዜማ ከብራና ምልክቶች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሩ። ከውጤታቸው አንዱ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው፦ ከሦስቱ ስልቶች ሁለቱ የሚጠቀሙበት የድምፅ ክምችት አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሦስተኛው ግን የራሱ ክምችት አለው። ድምፅ ብቻ ብንቆጥር ሦስቱ ስልቶች ሁለት ይሆኑ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ሦስት ብለው ሲለዩ አልተሳሳቱም፤ ምክንያቱም የሚለዩት በድምፅ ዝርዝር ሳይሆን በምልክቶቹ ነው። ከማሕሌት መጻሕፍቱ መስመር በላይ የሚጻፉት ትናንሽ ፊደላት እንደ ምዕራባውያን ኖታ አንድ አንድ ድምፅ አያመለክቱም፤ እያንዳንዱ ምልክት ተማሪው በቃሉ የያዘውን አጭር የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። ምልክቶቹም ለየስልቱ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ ዕዝል የሚባለው የዕዝል ሐረጎች ስብስብ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ «አራራይ ማለት ትዝታ ነው፣ ግዕዝ ማለት እንዲህ ያለው ቅኝት ነው» ብሎ ሦስቱን ከአራቱ ጋር ማጣመር ለምን እንደማያዋጣ ይታያል። አንደኛው ሥርዓት የጅማት አቃቃኝን መሠረት ያደርጋል፤ ሁለተኛው በቃል የተያዙ ሐረጎችን። በድምፅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የሚለኩበት ሚዛን ግን አንድ አይደለም።

ሌላም ገደብ አለ። ኪቦርዱ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ እኩል አድርጎ፣ ኦክታቩን ለ12 ከፍሎ ይሰጣል። ማሲንቆ ግን አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፤ ቅኝቱ በተጫዋቹ ጣትና ጆሮ ውስጥ ነው። ሲንቲያ ቲሴ ኪምበርሊን በ1976 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቷን በማሲንቆና በቅኝት ምንነት ላይ ያደረገችው ለዚህ ነው፤ የቅኝትን ማንነት ከቋሚ ቁልፎች ውጭ ለመጠየቅ ከማሲንቆ የተሻለ መሣሪያ የለም። ስቴፋኒ ዌይሰርና ፍራንሲስ ፋልሴቶም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የአኮስቲክ ልኬትን ከታሪክ ጋር አጣምረው ቅኝትን መርምረዋል። በመሰላል ላይ የተጻፈው ስኬል የዜማው ንድፍ ነው፤ ዘማሪው የሚያወጣው ድምፅ ከንድፉ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፣ ይህም ስሕተት ተብሎ የሚታረም አይደለም።

ይህ ሁሉ በሰበታ ወይም በሱሉልታ ለሚያገለግል የመዘምራን መሪ ምን ያደርግለታል? ወደ አምባሰሉ እንመለስ። አንድ መዝሙር በሚ ያርፋል እንበል፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ አምስቱን ነጭ ቁልፎች አይቶ «ይህ ላ ማይነር ነው» ብሎ ይወስናል። በየሐረጉ መጨረሻ የላ ማይነር ኮርድ ይመታል፤ ሚ በዚያ ኮርድ ውስጥ ስላለ ምንም የሚጋጭ ድምፅ አይሰማም። ነገር ግን ባሱ ላ ላይ ስለሚቆም የጉባኤው ጆሮ ማረፊያውን ወደዚያ ያዛውራል። ውሎ አድሮ ዘማሪዎቹ የመጨረሻውን ሐረግ ከሚ ይልቅ ላ ላይ መጨረስ ይጀምራሉ። ማንም አንድ ድምፅ ሳይሳሳት አምባሰሉ ትዝታ ማይነር ሆነ ማለት ነው።

ይህ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው። በልምምድ ላይ ከመጨረሻው ሐረግ በፊት ኪቦርዱን ያስቁሙ፤ መዘምራኑ ያለ መሣሪያ ይጨርሱና ያረፉበትን ድምፅ በእንጉርጉሮ ይያዙት። ከዚያ ድምፅ በላይ ያለው ቀጣዩ ድምፅ በግማሽ ከተጠጋ አምባሰሉ አለ፤ በሙሉ ከራቀ ወደ ትዝታ ሄዷል። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው፦ ባሱ ከዘማሪው ማረፊያ ጋር ሚ ላይ ይቁም፤ ኮርዱ ከከበደ ደግሞ ሚን ብቻ ይዞ መቆየት ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ «ትዝታ የዓለም ነው፣ ወደ ጉባኤ አይግባ» የሚል ክርክርም ይነሣል። ከላይ ያየነው ታሪክ ለዚህ ክርክር አንድ ነገር ይናገራል። ትዝታ የሚለው ስም ከዘፈን ቢመጣም፣ አምስቱ ድምፆች ራሳቸው ማረፊያቸው ሲለወጥ ሌላ ስም ይይዛሉና የድምፆቹን ዝርዝር መከልከል ትርጉም የለውም። ሊመዘን የሚገባው ዜማው የሚጠራው ትዝታና የሚሸከመው ቃል ነው፤ ያም ሚዛን የሙዚቃ ሳይሆን የእረኝነት ሥራ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ሲያነሣ፣ ድምፃቸው ልዩነት ከሌለው የሚነፋው ወይም የሚመታው እንደማይታወቅ አመልክቶ ነበር። የእርሱ ጉዳይ በጉባኤ ስለሚነገር ቃል ነው፤ የመረጠው ምሳሌ ግን የቅኝት ምሳሌ ነው። አምባሰሉን ከትዝታ የሚለየው አንድ ግማሽ ድምፅና አንድ ማረፊያ ነው፤ የመዘምራን መሪው የሚጠብቀውም ያንን ነው።