የፍለጋ ማስታወቂያ ጨረታ፦ የአንድ ጠቅታ ዋጋ እንዴት ይወሰናል?

የፍለጋ ማስታወቂያ ጨረታ አንድ ሰው በጉግል ወይም በመሰል ድረ ገጽ ላይ አንድ ነገር በፈለገ ቁጥር የሚካሄድ፣ ውጤቱም ለፈላጊው ከመታየቱ በፊት የሚጠናቀቅ ጨረታ ነው። የሚወስነውም ሁለት ነገር ነው፤ የማን ማስታወቂያ በስንተኛ ተራ እንደሚወጣና ፈላጊው ማስታወቂያውን ጠቅ ቢያደርግ አስተዋዋቂው ስንት እንደሚከፍል። ጠቅ ካልተደረገ ክፍያ የለም። አስተዋዋቂው አስቀድሞ የሚያስገባው ዋጋ ከዚያ በላይ አልከፍልም የሚልበት ጣሪያ ነው፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረውና ኋላ ኦቨርቹር የተባለው ጎቱ የተሰኘ የአሜሪካ ኩባንያ የላይኛውን ቦታ የሚሰጠው ብዙ ለሰጠ ነበር፤ አሸናፊውም የጠራውን ዋጋ እንዳለ ይከፍላል። ሁለት ተፎካካሪዎች አንዱ በሌላው ላይ አንድ ሳንቲም እየጨመሩ ይወጡና፣ አንደኛው አላዋጣ ሲለው ዋጋውን ድንገት ወደ ታች ይጥለዋል። ያኔ ሌላኛው ያን ያህል መክፈሉ ትርፍ መሆኑን አይቶ ይወርዳል፤ እሽቅድምድሙም እንደገና ከታች ይነሳል። ዋጋው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፣ ቶሎ ቶሎ ዋጋ መለወጥ የቻለም ይጠቀማል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 ያወጣው አሠራር ይህን በሁለት መንገድ ለወጠው። ሳላር ካማንጋርና ኤሪክ ቪች በነደፉት በዚህ አሠራር ተራ የሚወጣው በዋጋ ብቻ ሳይሆን ዋጋው ማስታወቂያው ጠቅ ሊደረግ ከሚችልበት ዕድል ጋር ተባዝቶ ነው። አሸናፊው ደግሞ የራሱን ጣሪያ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ተጫራች በልጦ ቦታውን ለመያዝ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ስሌቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦

```
የደረጃ ነጥብ = ጣሪያ ዋጋ × ጥራት
የሚከፈል ዋጋ = (የተከታዩ ነጥብ ÷ የራስ ጥራት) + 0.01
```

በዋሽንግተን ከተማ አንድ ሰው ሌሊት ቧንቧው ፈንድቶበት ጠጋኝ ፈለገ እንበል። ለቦታው ሦስት ድርጅቶች ይጫረታሉ። ሀ ለአንድ ጠቅታ እስከ 6 ዶላር ይሰጣል፤ ማስታወቂያውን ግን ከሚያዩት 100 ሰዎች 2ቱ ብቻ ጠቅ ያደርጉታል። ለ 4 ዶላር ይሰጣል፣ ከመቶው 5 ሰው ጠቅ ያደርግለታል። ሐ 2.50 ዶላር ይሰጣል፣ የሚያገኘውም 4 ነው። ጥራትን ለጊዜው በዚህ የመቶኛ ቁጥር ብንለካው የሀ ነጥብ 12፣ የለ 20፣ የሐ 10 ይሆናል። ስለዚህ ለ አንደኛ፣ ሀ ሁለተኛ፣ ሐ ሦስተኛ ይወጣሉ።

ለ የሚከፍለው የሀ ነጥብ 12 ለራሱ ጥራት 5 ተካፍሎ የሚገኘውን 2.40 ዶላር ነው፤ አንድ ሳንቲም ሲጨመር 2.41 ይሆናል። ሀ ደግሞ የሐን 10 ነጥብ ለ2 አካፍሎ 5.01 ዶላር ይከፍላል። ከላይ ያለው ከታች ካለው ግማሽ በታች ከፈለ ማለት ነው። ከሐ በታች ተጫራች ስለሌለ የእሱን ዋጋ የሚወስነው መድረኩ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የነጥብ ገደብ ነው፤ ገደቡ 6 ቢሆን 6 ለ4 ተካፍሎ 1.50 ዶላር ይከፍላል። ተፎካካሪ በሌለበት ፍለጋም ጠቅታ በነጻ የማይገኘው በዚህ ገደብ ምክንያት ነው።

ጥራት ዋጋ የሚቀንሰው አካፋይ ስለሆነ ነው። ለ ማስታወቂያውን አሻሽሎ ከመቶው 6 ሰው ጠቅ ቢያደርግለት፣ ማንም ጣሪያውን ሳይነካ ዋጋው ከ2.41 ወደ 2.01 ይወርዳል። ሀም ያው ዕድል አለው። ጥራቱን ከ2 ወደ 3 ካደረሰ ሁለተኛ እንደሆነ ይቆያል፣ ክፍያው ግን ከ5.01 ወደ 3.34 ይወርዳል። ወደ 4 ካደረሰው ነጥቡ 24 ስለሚሆን ለን ቀድሞ አንደኛ ይወጣል፤ ያኔ 20 ለ4 ተካፍሎ እንደገና 5.01 ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ጥራት ተሻሽሎ ዋጋው ንቅንቅ ባይል ጥቅሙ ወደ ከፍተኛ ቦታ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋ ሲታይ ተራውም አብሮ መታየት አለበት።

መድረኩ ይህን ቅናሽ የሚሰጠው ለራሱ ስለሚያዋጣው ነው። የላይኛው ቦታ በሺህ ፍለጋ ምን እንደሚያስገባ እንይ። ተራው በዋጋ ብቻ ቢሆን ሀ አንደኛ ሆኖ ለእያንዳንዱ ጠቅታ 4.01 ዶላር ይከፍላል፤ 20 ጠቅታ 80.20 ዶላር ያመጣል። ለ ሲቀመጥ ግን 50 ጠቅታ በ2.41 ዶላር 120.50 ያስገባል። የሚሸጠው ቦታ ቢሆንም ገንዘብ የሚሰበሰበው በጠቅታ ነውና፣ ሰው የማይፈልገውን ማስታወቂያ ላይ ያስቀመጠ መድረክ ቦታውን ያባክናል። ፈላጊውም በማይረባ ማስታወቂያ ከተሰላቸ ሌላ ጊዜ ጠቅ ማድረጉን ይተዋል።

በእውነተኛው ጨረታ ጥራት ከተራ መቶኛ የሰፋ ነው። ጉግል ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ማስታወቂያው ጠቅ የመደረግ የሚጠበቅ ዕድል፣ ጽሑፉ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ግንኙነት፣ እና ሰውየው ጠቅ አድርጎ የሚያርፍበት ገጽ ጠቃሚነት። ላይ ያለ ማስታወቂያ በቦታው ምክንያት ብዙ ስለሚነካ የሚጠበቀው ዕድል የቦታው ውጤት ተቀንሶ ይገመታል። ስለዚህ ውድ ቦታ በመግዛት ብቻ ጥራትን ማሳደግ አይቻልም። ግምቱ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አዲስ ነው፤ ፈላጊው ያለበት ቦታ፣ ሰዓቱና የያዘው መሣሪያ ይገቡበታል። አስተዋዋቂው በገጹ ላይ ከ1 እስከ 10 የሚያየው `Quality Score` ጨረታው የሚሠራበት ቁጥር አይደለም፤ ከሦስቱ የትኛው ደካማ እንደሆነ የሚያመለክት የምርመራ መሣሪያ ነው። ቧንቧ ጠጋኙ ማስታወቂያ ላይ “በሌሊትም እንመጣለን” ብሎ፣ የሚያርፉበት ገጽ ስልክ ቁጥር ከሌለው ሦስተኛው መለኪያ ከአማካይ በታች ሊሆን ይችላል።

ይህ ጨረታ አስተዋዋቂው እውነተኛ ዋጋውን እንዲናገር ያደርጋል የሚለው በሰፊው የሚነገር ግምት ትክክል አይደለም። ቤንጃሚን ኤደልማን፣ ማይክል ኦስትሮቭስኪና ማይክል ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ለሀ አንድ ጠቅታ የሚያስገኝለት በትክክል 6 ዶላር ነው እንበል። በሁለተኛ ቦታ ከሺህ ፍለጋ 20 ጠቅታ በ5.01 ገዝቶ 19.80 ዶላር ያተርፋል። ጣሪያውን አውርዶ ሦስተኛ ቢሆን በገደቡ ምክንያት 3 ዶላር ብቻ ይከፍላል፤ ጠቅታው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ 30 ዶላር ያተርፋል። ዝቅ ብሎ መጥራት ያዋጣዋል።

ሌላው የጨረታው ድክመት የአንዱ ዋጋ በሌላው ጥራት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሀ ጥራቱን ወደ 3 ሲያደርስ ነጥቡ 18 ይሆናልና፣ ምንም ያልለወጠው ለ ክፍያው ከ2.41 ወደ 3.61 ይወጣል። ነጥቡን የሚያሰላው መድረኩ ስለሆነ እሱም የአሸናፊውን ክፍያ በዚሁ መንገድ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ዳኛ አሚት ሜታ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በጉግል ላይ በሰጡት የፀረ-ሞኖፖሊ ውሳኔ፣ ኩባንያው የተከታዩን ተጫራች ነጥብ ከፍ በማድረግ አሸናፊውን የበለጠ የሚያስከፍል ማስተካከያ ይጠቀም እንደነበር አስፍረዋል። አስተዋዋቂው የራሱ ጥራትና ተራ ሳይለወጥ አማካይ ዋጋው ከወጣ ምክንያቱ ከእሱ ውጭ እንደሆነ ያውቃል፤ ተፎካካሪ ይሁን፣ ገደብ ይሁን፣ ወይም የስሌት ለውጥ፣ የሚሰጠው ሪፖርት ለይቶ አይነግረውም።