ዜሮ የሚበዛበት መዝገብ፦ የመለዋወጫ ትንበያ ቅኝት

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከዘለቀ በኋላ ሐይቅ ከተማን አቋርጦ ወደ ውጫሌ ያመራል። በዚህ መንገድ ዳር የሚሠራ የመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይይዛል። የሞተር ዘይት ሳምንት ሳያልፍ ይሸጣል። የጭነት መኪና ኩሽኔታ ግን ለወራት ጠያቂ ሳያገኝ ይቆይና አንድ ቀን አራቱ በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። የዚህ ዕቃ የሽያጭ መዝገብ በአብዛኛው ዜሮ ነው። ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ የትንበያ ባለሙያዎችን ያከራከረውም ይኸው ዜሮ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤክስፖኔንሻል ማለስለሻ የሚባለውን ዘዴ ለዕቃ ክምችት ቁጥጥር አስተዋወቀ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የወሩን ሽያጭ 20 በመቶ ከቀድሞው ትንበያ 80 በመቶ ጋር መደመር ነው። ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ስለሚበቃው በየመጋዘኑ ተስፋፋ። ለሞተር ዘይትም በደንብ ይሠራል።

ለኩሽኔታው እንሞክረው። በየአምስት ወሩ አራት ኩሽኔታ ይሸጣል እንበል፤ አማካዩ በወር 0.8 ነው። ስሌቱ ከተረጋጋ በኋላ ሽያጭ እንደተፈጸመ ትንበያው ወደ 1.19 ይወጣል፤ ዜሮዎቹ ሲከታተሉ እየቀነሰ ቀጣዩ ገዢ ሊመጣ ሲል 0.49 ይደርሳል። ባለሱቁ ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው ዕቃው እንዳለቀ፣ ማለትም ከሽያጭ ማግስት ነው። ስለዚህ ከሁሉ የተጋነነውን ቁጥር ይዞ ያዝዛል፣ ገንዘቡም መደርደሪያ ላይ ይታሰራል።

ይህን ስህተት እ.ኤ.አ. በ1972 በሒሳብ ያሳየው ክሮስተን ነው። እሱ እንዳለው አማካዩ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይቀላቅላል፦ ገዢ በስንት ጊዜ ይመጣል? ሲመጣስ ስንት ይወስዳል? ክሮስተን ሁለቱን ለየብቻ አለሰለሰና የሚሸጠውን መጠን ለሽያጭ ልዩነት ጊዜው አካፈለ። ዜሮ ባለባቸው ወራት ምንም አይቀየርም። በኩሽኔታው አራት ለአምስት ሲካፈል 0.8 ይሰጣል፤ ከሽያጭ በኋላም በፊትም ያው ነው።

ገዢዎች ግን ቀን ቆጥረው አይመጡም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲንቴቶስና ቦይላን የክሮስተን ዘዴም ጥቂት እንደሚያጋንን አሳዩ። ምክንያቱ ማካፈሉ ነው። የልዩነት ጊዜው አንዴ ሁለት ወር፣ አንዴ ስምንት ወር ሆኖ ቢገመት አማካዩ አምስት ነው። አራትን ለሁለት ስናካፍል 2፣ ለስምንት ስናካፍል 0.5 እናገኛለን፤ የሁለቱ አማካይ 1.25 እንጂ 0.8 አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት መፍትሔ ውጤቱን በትንሹ ዝቅ ማድረግ ነው፤ የማለስለሻው መጠን 20 በመቶ ከሆነ በ0.9 ይባዛል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ኩሽኔታው የሚገጠምለት መኪና ከመንገዱ ጨርሶ ቢጠፋስ? ሽያጭ ካልመጣ የክሮስተን ስሌት ስለማይነቃ ትንበያው ለዘላለም 0.8 እንዳለ ይቀራል። ቴውንተር፣ ሲንቴቶስና ባባይ እ.ኤ.አ. በ2011 በልዩነት ጊዜው ፋንታ የሽያጭ ዕድሉን በየወሩ ማደስን አመጡ። ዕድሉ ከ20 በመቶ ተነሥቶ ሽያጭ በሌለበት በእያንዳንዱ ወር በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ፣ ከአንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ወደ 5.6 በመቶ ይወርዳል፤ ትንበያውም ወደ 0.23 ይደርሳል። ዜሮው ራሱ መረጃ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህን ዘዴዎች ማወዳደርም ወጥመድ አለው። ሁልጊዜ ዜሮ ብሎ የሚተነብይ ሰው በአምስቱ ወራት የሚሳሳተው በአማካይ 0.8 ነው፤ ትክክለኛውን አማካይ 0.8 የሚተነብየው ግን 1.28 ይሳሳታል። በዚህ ሚዛን የሚመራ ባለሱቅ ምንም ባለመያዙ ይሸለማል፣ ደንበኛው ግን መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ትንበያው የሚመዘነው በሚያስከትለው ክምችት ነው። ዕቃው ታዝዞ እስኪደርስ ሁለት ወር ቢወስድና በየወሩ ገዢ የመምጣት ዕድሉ 20 በመቶ ቢሆን፣ በእነዚያ ወራት የሚጠበቀው አማካይ ሽያጭ 1.6 ነው። ይህን ወደ ሁለት አጠጋግቶ ሁለት ኩሽኔታ የያዘ ሱቅ፣ በ36 በመቶ ዕድል ገዢ መጥቶ ይጎድለዋል። አራት የያዘው የሚጎድለው ሁለት ገዢዎች በተከታታይ ወራት ከመጡ ብቻ ነው፤ ዕድሉ 4 በመቶ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግማሽ ጥገና የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ወይ አራቱን መያዝ ወይ ጨርሶ አለመያዝ ይሻላል።

ከሁሉም ስሌት በፊት ግን መዝገቡ እውነት መናገር አለበት። ኩሽኔታ ጠይቆ አጥቶ ደሴ የሄደ ደንበኛ በሽያጭ መዝገብ ላይ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ጠያቂ ያልመጣበት ዜሮና ዕቃ ያልነበረበት ዜሮ ካልተለዩ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ዘዴዎች አንዱም ሊለያቸው አይችልም። ለባለሱቁ ከቀመሩ የሚቀድመው የተጠየቀውንና ያልተሸጠውን ለብቻ መጻፍ ነው።