ለአንድ ቤት ሁለት ፊርማ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ፣ የጋራ ንብረቱም አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር። ይህም ሆኖ ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሚስትም ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ዋጋው ከ500 ብር በላይ ለሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረትም እንደዚሁ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሻረ። የ500 ብሩን ወሰን ግን ከአርባ ዓመት በኋላም ሳይነካው አለፈ።

በጋብቻ ዘመን በደመወዝ ተገዝቶ በባል ስም ብቻ የተመዘገበ ቤት አለ እንበል። የባል የግል ሀብት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ቤቱ የጋራ ነው። ባል ብቻውን ፈርሞ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ቢሸጠው፣ ሚስት ውሉ እንዲፈርስላት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላለች። ሽያጩን በታኅሣሥ ብታውቅ እስከ ሰኔ፣ ማለትም ስድስት ወር ጊዜ አላት። ያወቀችው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከሆነ ግን ከውሉ ቀን አንሥቶ የሚቆጠረው ሁለት ዓመት አልፏልና አቤቱታዋ አይሰማም። ገዢም ቢሆን የካርታውን ስም ብቻ አይቶ ገንዘቡን ከከፈለ፣ እነዚህ ወራት እስኪያልፉ ድረስ ቤቱ በእርግጥ የእርሱ ነው ለማለት አይችልም።